ከሥሬ ያለች ሠራተኛ ከሰሰችኝ፤ ማስጠንቀቂያ ልስጣት?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የክፍል ኃላፊ ነኝ። ከሥሬ የምትሠራ አንዲት ልጅ ‹ይጮህብኛል፣ የዓመት ፈቃዴን ከልክሎኛል› ብላ ለሰው ሀብት አቤቱታ ማስገባቷን ሰማሁ። በጣም ነው የከፋኝ። ስንት ነገር ያደረግኩላት ልጅ ናት። ሥራ ላይ ድሮም ደካማ ናት፤ ታረፍዳለች፤ እስከዛሬ በዝምታ ነው ያለፍኳት። አሁን ማስጠንቀቂያ ብሰጣት ወይም ወደ ሌላ ክፍል ባዛውራት ሕጉ ምን ይላል? በስም ማጥፋትስ ልከሳት እችላለሁ?»

መልስ፦

እርሷ ያደረገችውን ነግረውኛል። እርስዎ ከሰሙ በኋላ ያደረጉትን ግን አልነገሩኝም። «ማስጠንቀቂያ ብሰጣት» ሲሉኝ ደብዳቤው ተጽፎ ያለቀ ይመስለኛል። ቢሮ ጠርተው «ምን በድዬሽ ነው?» አላሏትም? በጓደኛዋ በኩል «አቤቱታውን ብታነሺው ይሻልሻል» አላስባሉም? የክፍሉን ሠራተኞች ለምስክርነት አላነጋገሩም? አይቆጡኝ፤ መከፋትዎ ይገባኛል። ግን ፈቃድ በመከልከልና በመጮህ የቀረበ አቤቱታ ብዙ ጊዜ በማብራሪያ ወይም በምክር ያልቃል። ኃላፊውን ችግር ውስጥ የሚከተው በአብዛኛው ከሰማ በኋላ ባሉት ቀናት የሚያደርገው ነገር ነው።

ከማን እንደሰሙም አልጻፉም። ሰው ሀብት በደብዳቤ አሳውቆዎት ከሆነ ጥሩ። አንድ ወዳጅ ሹክ ብሎዎት ከሆነ ግን ኮፒውን አምጣልኝ አይበሉ። በይፋ መልስ እስኪጠየቁ ይጠብቁ።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 ሠራተኛው በመብቱ ስለተጠቀመ ብቻ እርምጃ መውሰድን ይከለክላል። አንቀጽ 26(2)(ሐ) ደግሞ ቅሬታ ማቅረብ የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል። «ድንጋጌው የሚለው በአሠሪው ላይ ስለሚቀርብ ቅሬታ ነው፣ እኔ አሠሪ አይደለሁም» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። እኔ አልተማመንበትም። እርስዎ ሠራተኛዋን የሚያዙት በአሠሪው ስም ነው፤ አንቀጽ 14ም ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እንበል፣ አቤቱታው የገባው ጥቅምት 12 ነው። ኃላፊው በ19 ሰማ። በ22 «በመስከረም ወር ተደጋጋሚ ማርፈድ አሳይተሻል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጣት። በኅዳር የሥራ አፈጻጸም ውጤቷን ዝቅ አደረገው። በታኅሣሥ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ስንብት። ኃላፊው በልቡ ትክክል ነኝ ብሎ ያምናል፤ ልጅቷ እውነትም ታረፍድ ነበርና። እርሷ የሥራ ውሏ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ሥራ ልመለስ ብላ ክስ ትመሠርታለች።

የእርሷ ጠበቃ ረጅም ክርክር አያስፈልገውም። የአቤቱታዋን ቀንና የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ቀጥሎ የክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ የመግቢያ ሰዓት መዝገብ እንዲቀርብ ይጠይቃል። የአሻራ ማሽኑ ሌሎች ሁለት ልጆች ከእርሷ በላይ ማርፈዳቸውን ካሳየና ለእነርሱ አንድም ደብዳቤ ካልተጻፈ፣ ኃላፊው ምን ይመልሳል? «ድሮም ደካማ ነበረች» ቢል «ታዲያ ያለፈው ዓመት ግምገማዋን ጥሩ ብለው የፈረሙት ማን ነው?» ይባላል። ፊርማው የራሱ ነው።

ስንብቱ የተፈጸመው በቅሬታዋ ምክንያት ነው ከተባለ፣ አንቀጽ 43 ወደ ሥራ መመለስ ከፈለገች መመለሷን ግዴታ ያደርገዋል። መሄድ ከመረጠች ካሳ ይከፈላታል። ከተመለሰች ያልተከፈላት ደመወዝም ይታሰባል። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ውሳኔው በይግባኝ ከጸና እስከ አንድ ዓመት ይደርሳል። ያን ጊዜ ድርጅቱ ገንዘቡን ከፍሎ ዞር ብሎ የሚያየው እርስዎን ነው።

«በዝምታ ነው ያለፍኳት» ያሉትን ሕጉ እንደ ውለታ አይቆጥርልዎትም። በማርፈድ ምክንያት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ለማሰናበት ሠራተኛው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈዱ፣ ስለ ማርፈዱም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው መሆኑ ያስፈልጋል። የቃል ተግሣጽ አይቆጠርም። ደግሞም አሠሪው የስንብት ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ያለፈውን አሁን ቆፍረው ቢያወጡት አይጠቅምዎትም፤ ቂም ነው የሚመስለው።

ነገ ብታረፍድስ? አቤቱታ ስላቀረበች አይነኬ ሆናለች ማለት አይደለም። ግን ወሳኙ እርስዎ አይሁኑ። መዝገቡ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይያዝ፤ ለሁሉም የሚሠራው መለኪያ ለእርሷም ይሥራ። ለቅርብ አለቃዎ «በእኔ ላይ የቀረበው ቅሬታ እስኪታይ ድረስ በዚህች ሠራተኛ ላይ የዲሲፕሊን፣ የግምገማና የፈቃድ ውሳኔ ሌላ ሰው እንዲሰጥ እጠይቃለሁ» ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ። ይህች አጭር ደብዳቤ በኋላ ከብዙ ምስክር በላይ ትጠቅምዎታለች። ከማስገባትዎ በፊት ግን ጠበቃ ይይልዎት፤ አንድ የቁጣ ቃል ከገባባት መልሳ እርስዎን ትጎዳለች።

ዝውውሩንም እንደዚሁ ይተዉት። መለያየት ካስፈለገ ሰው ሀብት ይወስን፤ እርሷም ትጠየቅ። ደረጃዋንና ጥቅሟን የሚቀንስ ከሆነ ቅጣት ነው ይባላል።

ስም ማጥፋትን በተመለከተ፣ አሁን አይክሰሱ። ቅሬታዋን ያቀረበችው ለሚመለከተው ክፍል ነው፤ በአደባባይ አልዘራችውም። እያወቀች ውሸት መናገሯን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለዎት ክሱ ራሱ እንደ በቀል ይቆጠራል። ማስረጃ አለኝ ካሉ ግን አይዘግዩ፤ የግል አቤቱታ የሚጠይቅ ወንጀል ክስ የማቅረቢያ ጊዜው ሦስት ወር ነው። ይዘውት ይምጡና ጠበቃ ይመዝነው።

ስለራስዎ ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ። የሚጠብቅዎት የትኛው ሕግ ነው? የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት ሥልጣን ካለዎት የሥራ መሪ ሊባሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ በአንቀጽ 3(2)(ሐ) መሠረት አዋጁ እርስዎን አይሸፍንም፤ የሚገዛዎት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ድርጅቱ ቢያሰናብትዎ እንደ እርሷ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት አይችሉም። ዋናው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ «የክፍል ኃላፊ» የሚለው ማዕረግ ብቻውን አይወስንም። ስለዚህ የሹመት ደብዳቤዎንና የሥራ መዘርዝርዎን ሳላይ ከዚህ በላይ ልነግርዎ አልችልም።

የቴሌግራም መልእክቶችዎን አይሰርዙ፤ የሚያሳፍርዎት ቢኖርም። የፈቃድ መጠየቂያ ቅጾቿን፣ ፈቃዱን የከለከሉበትን የጽሑፍ ምክንያት፣ በዚያ ወር ክፍሉ የነበረበትን የሥራ ፕሮግራም፣ የሁሉንም ሠራተኞች የፈቃድ መዝገብና የድርጅቱን የቅሬታ አቀራረብ ደንብ ይሰብስቡ። በእጅዎ የሌለውን በይፋ ይጠይቁ፤ የእርሷን ማህደር በራስዎ ሥልጣን አይክፈቱ። ሌሎች በዚያ ወር ፈቃድ ወጥተው እርሷ ብቻ ከቀረች፣ ይህን ለጠበቃዎ አስቀድመው ይንገሩት።

ሰው ሀብት መልስ ሲጠይቅዎ በዚያው ቀን አይመልሱ። የተሰጠዎት ቀን ካጠረ ተጨማሪ ጊዜ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ረቂቁንም ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩ።