አማካሪ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ አማካሪዬ ለኢሜይል አይመልሱም፤ ሲመልሱም ባለፈው ያሉትን ይሽሩታል። ምዕራፍ 3ን እሳቸው ባሉት መንገድ ጻፍኩ፣ ከዚያ ደግሞ «ይህን ማን ጻፍ አለህ?» አሉኝ። ሌላ አማካሪ እንዲመደብልኝ ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን ከሳሽ መምሰል አልፈልግም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የድህረ ምረቃ አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች መጀመሪያ የሚያርፉት እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ተማሪው ገና ሳይቀመጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ለአማካሪህ ነግረሃቸዋል?» አብዛኛው ተማሪ «በተዘዋዋሪ» ይላል። በተዘዋዋሪ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ማመልከቻው በደረሰ ማግስት ኃላፊው ለአማካሪው ይደውላሉ፤ አማካሪውም «እኔ ምንም አልሰማሁም» ካሉ ጉዳይህ በዚያው ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመሄድህ በፊት ለእሳቸው አንድ አጭር ጽሑፍ ላክ። ወቀሳ አታስገባበት፤ የአሠራር ሐሳብ ብቻ ይኑረው። «ዶክተር፣ በምዕራፍ 3 ላይ በጥርና በየካቲት የሰጡኝን አስተያየቶች ማጣጣም ስላልቻልኩ የትኛውን እንደምከተል ቢነግሩኝ። ከዚህ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ብንገናኝና የተስማማንበትን በዚያው ቀን በኢሜይል ብልክልዎት ይመችዎት ይሆን?» በቂ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቅ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ፈተና የሚያርሙበት ወቅት ወይም ፈቃድ ላይ ያሉበት እንዳይሆን ጸሐፊዋን ጠይቃት። በፈቃድ ላይ ባለ ሰው ዝምታ የተሞላ ማመልከቻ ደርሶኝ ያውቃል፤ ለተማሪው አፍሬለታለሁ።

ይህ ጽሑፍ ከሠራ ማመልከቻው አያስፈልግህም። ካልሠራም ከሁሉ የሚጠቅምህ ማስረጃ እሱ ይሆናል።

ጥያቄ (ስሟን ያልገለጸች)፦ ማመልከቻው ላይ ምን ያህል ልዘርዝር? እኔ አራት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ያልተናገርኩት ነገር እንዳይኖር ብዬ።

መልስ፦ አራት ገጽ አይነበብም። ቢነበብም የሚታየው ምሬትሽ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ኢሜይሎቹን አባሪ አድርጊያቸው። ከላይ የጠየቀውን ልጅ ጉዳይ ይዤ እንዴት እንደምጽፈው ላሳይሽ፤ ቀኖቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው።

> ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ
>
> ፕሮፖዛሌ በጥቅምት ወር ጸድቆ መረጃ መሰብሰቡን አጠናቅቄአለሁ። የምዕራፍ 3 ረቂቅን ታኅሣሥ 4 ልኬ ጥር 6 በአካል በተሰጠኝ አስተያየት መሠረት አስተካክዬ ጥር 20 መልሼ ልኬአለሁ። የካቲት 15 የደረሰኝ አስተያየት ከመጀመሪያው ጋር ስለማይጣጣም የትኛውን እንደምከተል የካቲት 17 እና የካቲት 29 በጽሑፍ ብጠይቅም መልስ አልደረሰኝም። መጋቢት 3 የመገናኛ ፕሮግራም እንድናወጣ ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ እስካሁን የጋራ አሠራር ላይ አልደረስንም።
>
> ጽሑፌን በሰኔ ለማስረከብ እንድችል ትምህርት ክፍሉ ሌላ አማካሪ እንዲመድብልኝ፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ረዳት አማካሪ እንዲጨምርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አማካሪዬ በርዕስ መረጣና በፕሮፖዛል ዝግጅት ስላደረጉልኝ እገዛ አመሰግናለሁ።

ልብ በዪ፣ «ቸልተኛ» የሚል ቃል የለበትም። «ሁልጊዜ» እና «በጭራሽ» የሚሉም የሉም፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ ተቃራኒ ኢሜይል ያፈርሳቸዋል። ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ፍርዱን ለአንባቢው ተዪለት። ምስጋናው ደግሞ እውነት ከሆነ ብቻ ይግባ። የሐሰት ምስጋና ከሩቅ ይታወቃል።

ደብዳቤው የሚቆመው በማስረከቢያው ቀን ላይ መሆኑንም እዪ። ትምህርት ክፍሉ አንድ መምህር ጥፋተኛ ነው ብሎ ለመወሰን አይቸኩልም፤ የመምህሩን ስም የሚነካ ውሳኔ ምርመራ ይጠይቃል። ተማሪ በጊዜው እንዲጨርስ ማድረግ ግን የዕለት ሥራው ነው። የሚችለውን ነገር ጠይቂው።

ጥያቄ (የተመረቀ)፦ እኔ ይህን ሁሉ አላደረግኩም። መጀመሪያ ሌላ መምህር ፈልጌ «እሺ» አስብዬ፣ አስፈርሜ ነው ቅጹን ያስገባሁት። ወዲያው አለቀልኝ። ለቀድሞው መንገር ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነህ። ትምህርት ክፍሉን የሚያስጨንቀው «ማን ይውሰደው?» የሚለው ነው፤ ፈቃደኛ ሰው ይዞ የመጣ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ማስፈረሙ ላይ ግን አልስማማም። አዲሱ መምህር የቀድሞው ባልደረባ ነው፤ በአንድ ኮሪደር ይሠራሉ። ተማሪ ነጠቀ ሲባል በኋላ የሚሸሽ መምህር አይቻለሁ፤ ያኔ ተማሪው ከሁለቱም ያጣል። የሚሻለው ስለ ሙያው ብቻ መጠየቅ ነው፦ «ርዕሴ ይህ ነው፤ ትምህርት ክፍሉ ቢመድብኝ ከእርስዎ የሥራ መስክ ጋር ይሄዳል?» የቀድሞውን ስም አታንሳ፤ አትማ። ከዚያ ስሙን ለአስተባባሪው በቃል ትጠቁማለህ፣ ጥያቄውን አስተባባሪው ያቀርባል። ላንተ ተሳክቶልህ ከሆነ ምናልባት የቀድሞው አማካሪ ራሳቸው መገላገል ይፈልጉ ነበር። ይህም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ተማሪዎች ይህን መገመት አይወዱም እንጂ።

ጥያቄ፦ የእኔዋ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በቀይ ያሠምሩበታል። በሦስት ቀን ነው የሚመልሱልኝ፣ ግን ወረቀቱ ደም የለበሰ ይመስላል። እንዲህ ብዬ ማስቀየር እችላለሁ?

መልስ፦ በሦስት ቀን የሚመልስ አማካሪ አግኝተህ ልታስቀይር? ይህ የመግባባት መቋረጥ አይደለም። ለውጡን ብትጠይቅ ኃላፊው ያንን በቀይ የተሞላ ወረቀት ያዩና አማካሪዋን ያመሰግናሉ።

ጥያቄ (የዶክትሬት ተማሪ)፦ የእኔ ከማስተርስ ይከብዳል። የምሠራው በአማካሪዬ ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ ገንዘቡም ቤተ ሙከራውም የእሳቸው ነው። ለወራት በቀጥታ አላነጋገሩኝም፤ መልእክት የሚመጣልኝ በሌላ ተማሪ በኩል ነው። ብቀየር መረጃዬስ?

መልስ፦ አንቺ ከማመልከቻው በፊት አንድ ሌላ ሥራ አለብሽ፦ ምን ከማን ጋር እንደታሰረ ማወቅ። ክፍያሽ ከፕሮጀክቱ ከሆነ አማካሪ ሲቀየር ሊቋረጥ ይችላል፤ ትምህርት ክፍሉ ሌላ ምንጭ እንዳለው በቃል ጠይቂ፣ መልሱን ሳታገኚ ደብዳቤ አታስገቢ። የሥነ ምግባር ፈቃዱ ላይ ኃላፊ ተመራማሪ ሆነው የተመዘገቡት እሳቸው ከሆኑ ደግሞ አዲሱ አማካሪ በተሻሻለ ማመልከቻ እስኪመዘገቡ ድረስ ከሰዎች መረጃ መሰብሰብ የለብሽም። ይህን ረስተው የሰበሰቡትን መጠቀም የተከለከሉ አሉ።

መረጃውን በሚመለከት፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚወስነው የፕሮጀክቱ ውልና የተቋሙ ደንብ ነው፤ «እኔ ነኝ የለካሁት» የሚለው አያስኬድም። ግን ባለቤት አለመሆንና መጠቀም አለመቻል ይለያያሉ። በማመልከቻሽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ «እስካሁን የሰበሰብኩትን መረጃ ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠቀም የምቀጥልበት ሁኔታና የወደፊት ኅትመቶች የደራሲነት ድርሻ በጽሑፍ እንዲወሰን እጠይቃለሁ።» ያኔ ንብረት ይዘሽ የምትሸሺ አትመስዪም፤ ለሁለታችሁም ዋስትና ነው። ፋይሎቹን ግን በድብቅ መገልበጥ አይታሰብ።

በሌላ ተማሪ በኩል የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ለአማካሪሽ በኢሜይል አረጋግጪ፦ «በእገሌ በኩል ይህን እንድሠራ እንደነገሩኝ ተረድቻለሁ፤ ካልሆነ ያሳውቁኝ።» ባይመልሱም ተመዝግቧል።

አስተያየት (ሌላ መምህር)፦ ረዳት አማካሪ ይጨመር የሚለውን አማራጭ ከደብዳቤው ባወጣው እመርጣለሁ። ትምህርት ክፍሉ ቀላሉን መንገድ ይዞ ረዳት ይጨምርና ችግሩ እንዳለ ይቀራል። በተለይ የሚጋጭ አስተያየት የሚሰጥ አማካሪ ላይ ሁለተኛ ሲጨመር ተማሪው ሦስተኛ አስተያየት ነው የሚያገኘው።

መልስ፦ ስጋትህ ትክክል ነው። እኔ የማስገባው ጥያቄው «ወይ ይህ ወይ ምንም» እንዳይሆን ነው። ችግሩ ዝምታ ሲሆን ረዳት አማካሪ ይሠራል፤ የሚመልስ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ችግሩ መጣረስ ሲሆን ግን በረቂቁ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ በምደባው ደብዳቤ ላይ ካልተጻፈ ያልከው ይሆናል። ያ እንዲጻፍ መጠየቅ ይቻላል። ሁሉም ትምህርት ክፍል ግን እሺ አይልም፤ በዚህ ላይ እኔና አንተ ላንስማማ እንችላለን።

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው አማካሪዬ ቢሆኑስ?

መልስ፦ ከአስተባባሪው ጀምሪ፤ ከዚያ የድህረ ምረቃ ኮሚቴው፣ ካልሆነም ዲኑ። ደብዳቤው ያው ነው፤ አድራሻው ብቻ ይለወጣል። ስድብ ወይም ትንኮሳ ካለበት ግን ይህ ሁሉ አይመለከትሽም። ያ የአማካሪ ለውጥ ጥያቄ ሳይሆን አቤቱታ ነው፤ ተቋሙ ለዚያ ባቋቋመው ክፍል በኩል ይሄዳል። እዚያ እንደዚህ መለሳለስም አይገባም።

ጥያቄ፦ የቀድሞው አማካሪዬ ከተቀየሩ በኋላ የውስጥ ፈታኝ ሆነው ቢመጡብኝስ?

መልስ፦ ይህን በደብዳቤ አትጻፈው፤ ያኔ «ይበቀሉኛል» እንደማለት ነው። ለውጡ ሲጸድቅ ለአስተባባሪው በቃል ንገረው፤ ብዙ አስተባባሪ ሳይነገረውም ያስባል። ለእሳቸው ደግሞ ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ማመልከቻውን ባስገባህበት ቀን ሁለት መስመር ላክላቸው። ኮሪደር ላይ ሰላምታ መለዋወጥ የሚቀጥለው ያኔ ነው። ሙሉ ዋስትና የለም፤ መምህራን ሲበዙ ይቀላል፣ በትንሽ ትምህርት ክፍል ግን ሌላ ፈታኝ ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ (የመጀመሪያው ጠያቂ)፦ ያሉትን ዓይነት ኢሜይል ላክኩላቸው። መልሱ «እሺ» ብቻ ነው። ቀንም የለው፣ የትኛውን አስተያየት እንደምከተልም አልነገሩኝም። አሁን ተስማሙ ይባላል?

መልስ፦ አልተስማሙም፣ እንቢም አላሉም። ቀን አንተ ቁረጥላቸው፦ «አመሰግናለሁ፤ ሐሙስ በ4 ሰዓት ቢሮዎ እመጣለሁ፣ ካልተመቸዎት ሌላ ቀን ይንገሩኝ። እስከዚያ የየካቲቱን አስተያየት ይዤ እሠራለሁ።» ሐሙስ ሄደህ አግኝተሃቸው ምዕራፉን ከተነጋገራችሁበት ማመልከቻውን ለጊዜው አቆየው። በሩ ዝግ ከሆነ በዚያው ዕለት «መጥቼ አላገኘሁዎትም፤ መቼ ልመለስ?» ብለህ ጻፍ፣ አንድ ሳምንት ጠብቅና ወደ አስተባባሪው ሂድ።