ፓተርን፣ ፒን፣ ፓስወርድ፣ አሻራ ወይስ ፊት፦ እጇ ሁሌ እርጥብ ለሆነ ሰው

«ሰላም ቤተሰብ። ሳምሰንግ ኤ15 ገዝቻለሁ። እስካሁን የምጠቀመው ፓተርን ነው። የምሠራው ፀጉር ቤት ስለሆነ እጄ ሁሌ እርጥብ ነው። ቴሌብርም የባንክ አፕም ስልኬ ላይ አለ። ከፓተርን፣ ከፒን፣ ከፓስወርድ፣ ከአሻራና ከፊት የቱን ላድርግ? ቶሎ የሚከፈትና የማልረሳው ቢሆን ደስ ይለኛል።»

እህቴ፣ ባጭሩ ባለ ስድስት አሃዝ ፒን አድርጊ፣ ከላዩ ላይ አሻራ ጨምሪበት። ፓተርኑን ተዪው። ፊቱን በዚህ ስልክ ላይ ባትነኪው ይሻላል። የምሠራው ስልክ ጥገና ስለሆነ የሰው ሎክ ሳላይ የምውልበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ምክንያቱን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

የጠቀስሻቸው አምስቱ እኩል አይደሉም። ፓተርን፣ ፒንና ፓስወርድ ዋናዎቹ ናቸው። አሻራና ፊት አቋራጭ ናቸው። አሻራ ብቻውን ላስገባ ብትዪ ስልኩ እሺ አይልሽም፣ መጀመሪያ ከሦስቱ አንዱን ይጠይቅሻል። አሻራ ካስገባሽ በኋላም ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ዋናውን ይፈልጋል። አንድሮይድ ላይ ዋናውን ሳታስገቢ 72 ሰዓት ከሞላሽም እንደገና ይጠይቅሻል። አሻራው በተደጋጋሚ እምቢ ሲልም እንደዚያው ነው።

ይሄ የሆነበት ምክንያት አለ። ስልክሽ ውስጥ ያለው ፎቶና መልእክት የተመሰጠረ ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ ከበራ በኋላ ምስጢሩ የሚፈታው ዋናው ቁልፍ ሲገባ ነው። ባትሪ ጨርሶ ሲበራ፣ ገና ሳትከፍቺው ሰው ቢደውልልሽ ስሙ አይወጣም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው «ኮንታክቴ ጠፋ» ብሎ እየሮጠ ይመጣል። አልጠፋም፣ አልተከፈተም እንጂ። ስለዚህ አሻራሽ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ከሥር ያለው ፓተርን ደካማ ከሆነ ስልክሽም ያው ደካማ ነው። ሌባው አሻራሽን መታገል አያስፈልገውም፣ በፓተርኑ ይገባል።

አሁን ወደ ፓተርኑ። ችግሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም። ዘጠኝ ነጥብ ላይ 389,112 ዓይነት ፓተርን መሥራት ይቻላል፣ ይሄ ከባለ አራት አሃዙ ፒን 10,000 በጣም ይበልጣል። ግን ሰው ይሄን ሁሉ አይጠቀምበትም። አብዛኛው ደንበኛዬ ከላይ ከግራ ጥግ ይጀምርና ኤል ወይም ዜድ ሠርቶ ይጨርሳል። አራት ነጥብ ብቻ የሚያገናኝ ደግሞ ምርጫው ወደ 1,624 ይወርድበታል።

ከሁሉ የባሰው መታየቱ ነው። ታክሲ ውስጥ ከኋላሽ የተቀመጠው ሰው ጣትሽ የሄደበትን መስመር አንዴ ካየ በጭንቅላቱ ይዞት ይወርዳል። ይሄ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ እና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ተመራማሪዎች ሰው ስልክ ሲከፍት የሚያሳይ ቪዲዮ ለተመልካቾች አሳይተው ነበር። ባለ ስድስት ነጥቡን ፓተርን አንዴ ብቻ አይተው በትክክል የደገሙት 64 ከመቶ ያህል ናቸው። ባለ ስድስት አሃዙን ፒን አንዴ አይተው የደገሙት ግን 11 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ፓተርኑ ሲሳል መስመሩ እንዳይታይ ሲደረግ 64ቱ ወደ 35 ወርዷል። ፓተርኔን አልተውም ካልሽ ቢያንስ ሴቲንግ ውስጥ መስመሩን የሚያሳየውን ማብሪያ አጥፊው። ባንቺ ሥራ ላይ ሌላም አለ። ቅባትና ኮንዲሽነር የነካ ጣት ስክሪኑ ላይ መስመሩን ጥርት አድርጎ ይተወዋል። ስልኩን ወደ መብራት ዘንበል አድርጎ ማየት ነው። ጥገና ቤት ሲመጣ ባለቤቱ ሳይነግረኝ መስመሩ የሚታየኝ ስልክ ብዙ ነው።

ፒን ላይ ስድስት አሃዝ ያልኩሽ ምርጫው ከ10,000 ወደ 1,000,000 ስለሚያድግ ነው። አንድሮይድ አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ማስጠበቅ ይጀምራል፣ ስህተቱ ሲቀጥል ጥበቃውም ይረዝማል። በመገመት ለመግባት ለሚሞክር ሰው ይሄ አሰልቺ ነው። ግን ይሄ ሁሉ የሚሠራው ቁጥሩ ዝም ብሎ የሚገመት ካልሆነ ነው። 123456፣ የትውልድ ቀን፣ የስልክሽ የመጨረሻ ስድስት ቁጥሮች፣ የልጅ ልደት አይሆኑም። የሚሰርቅሽ ሰው የማያውቅሽ ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም ሱቅ ውስጥ የምሰማው ጭቅጭቅ አብዛኛው በወንድም፣ በጓደኛና በባልና ሚስት መካከል ነው።

እኔ የምመክረው አንዱ ካንዱ ጋር የማይገናኝ ሁለት ነገር ማገጣጠም ነው። ለምሳሌ ድሮ የኖራችሁበት የቀበሌ ቤት ቁጥር 247 ቢሆን፣ በልጅነትሽ ትምህርት ቤት የምትሄጂበት አውቶብስ ደግሞ 38 ቢሆን፣ መሃል ላይ አንድ የምትወጂውን አሃዝ አስገብተሽ 247538 ይሆናል። ላንቺ ትዝታ ነው፣ ለሌላው ሰው ዝም ብሎ ቁጥር ነው። (ይሄን ራሱን እንዳታደርጊው፣ አሁን ሰው ሁሉ አንብቦታል።)

እና በጣም የማጠብቅብሽ ነገር፦ የስክሪኑ ፒን የቴሌብር ወይም የባንክ ፒንሽ አይሁን። የስክሪን ፒንሽን በቀን ውስጥ ሰው ፊት ስንቴ ትመቺዋለሽ። ያንን ያየ ሰው ስልኩን ከነጠቀሽ በዚያው ቁጥር ገንዘቡንም አገኘው ማለት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ግን ስልኩ ቢከፈትለትም ቴሌብር በር ላይ ይቆማል።

ፓስወርድን ቶሎ ልለፈው። ጠንካራ ነው፣ ግን እርጥብ እጅ ይዘሽ በትንሽ ኪቦርድ ፊደል መልቀም አይመችሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ «በአማርኛ ጽፌ ማንም አይገምተኝም» የሚሉ አሉ። የአንድሮይድ የስክሪን ፓስወርድ የአማርኛ ፊደል አይቀበልም። ከፈለግሽ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፊው።

ፊትን በተመለከተ፣ አይፎኑን ከዚህ ለዪው። ፌስ አይዲ ያላቸው አይፎኖች የማይታይ ብርሃን በትነው የፊትን ጥልቀት ይለካሉ፣ ጨለማም አያግዳቸውም። ያንቺ ስልክ ያለው ግን ያው የሰልፊ ካሜራ ነው። የሚያየው ፎቶ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ የሸማቾች ማኅበር 110 ስልኮችን ሲሞክር 42ቱ በባለቤቱ ፎቶ ተከፍተዋል። ሳምሰንግ ራሱ ፊት ስታስገቢ ካንቺ ጋር የሚመሳሰል ሰው ሊከፍተው እንደሚችል ያስጠነቅቅሻል። እህት ካለሽ ሞክሪውና ታያለሽ። የባንክ አፖችም በዚህ ዓይነት ፊት አያስገቡም፤ አንድሮይድ ራሱ ከጠንካራዎቹ አይቆጥረውም። ማስክ አድርገሽ ስትሠሪ ወይም ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አያውቅሽም። ጥቅሙ ላንቺ በጣም ትንሽ ነው።

አሻራው ላይ የምትፈሪው እርጥብ እጅ እውነት ነው። የኤ15 አሻራ ማንበቢያ ጎኑ ላይ ያለው የማብሪያ ቁልፍ ነው። የቆዳሽን ሸንተረር በኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው። ውሃ በሸንተረሮቹ መሃል ሞልቶ ያገናኛቸዋል፣ ስለዚህ ያየው ነገር ጠፍጣፋ ይመስለዋል። ከመንካትሽ በፊት ጣትሽን በፎጣ ጠረግ ማድረግ አብዛኛውን ይፈታዋል። የማይፈታው ሌላው ነው። ቀኑን ሙሉ ሻምፑ ውስጥ የዋለ ጣት ይጨማደዳል፣ ኬሚካል የነካው ደግሞ ይላጣል። ጠዋት ያስመዘገብሽው ጣት ከሰዓት በኋላ ሌላ ጣት ይሆናል።

ለዚህ የሚሠራ ዘዴ አለ። አንዱን አውራ ጣት ሁለት ጊዜ አስመዝግቢው፣ እንደ ሁለት የተለያየ ጣት አድርገሽ። አንዴ ጠዋት ከቤት ሳትወጪ፣ አንዴ ደግሞ ሥራ ስትጨርሺ እጅሽን አድርቀሽ። ሦስተኛውን ከኬሚካል የሚድነውን ጣት አድርጊው፣ ለምሳሌ የግራ እጅሽን የመሃል ጣት። ስልኩን በግራ ስትይዢው ያ ጣት ራሱ ቁልፉ ላይ ያርፋል። ስታስመዘግቢ መሃሉን ብቻ አታስነኪው፣ ጫፉንና ጎኑንም አስነኪው። ጓንት ስታደርጊ ግን ያው በፒኑ ነው።

አሻራ አንድ ድክመት አለው። ተኝተሽ ሰው ጣትሽን ወስዶ ቁልፉ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ለዚህ Secure lock settings ውስጥ ገብተሽ Show Lockdown option የሚለውን አብሪው። ከዚያ የማጥፊያው ሜኑ ላይ Lockdown mode ይመጣል። እሱን ስትነኪ አሻራው ይዘጋል፣ ኖቲፊኬሽንም አይታይም፣ ፒን ብቻ ነው የሚከፍተው። እዚያው አካባቢ Auto factory reset የሚል ታያለሽ። ቤት ውስጥ ስልክ የሚነካካ ሕፃን ካለ አታብሪው፣ በስህተት ብዛት ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሰዋል።

ስለ መርሳቱ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ሱቃችን ከሚመጣው የተቆለፈ ስልክ አብዛኛው ባለቤቱ አሻራ ለምዶ ፒኑን የረሳው ነው። ባትሪ ያልቃል፣ ሲበራ ፒን ይጠይቃል፣ ሰውየው ባዶ። «ፎቶው ሳይጠፋ ክፈትልኝ» ይላል። በአዳዲሶቹ ስልኮች ላይ ይሄ በእኛ እጅ ያለ ነገር አይደለም። ፎርማት ይደረጋል፣ ፎቶው ይሄዳል። ከፎርማት በኋላም ስልኩ ቀድሞ ላዩ ላይ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል፤ የዚያን ፓስወርድ የሚያስታውስ ደግሞ ከስንት አንድ ነው።

ስለዚህ አሻራውን ዛሬውኑ አታስገቢ። መጀመሪያ Screen lock type ውስጥ ገብተሽ ፓተርኑን ወደ ፒን ቀይሪው። ለአንድ ሳምንት ያህል በፒኑ ብቻ ክፈቺ፣ እጅሽ ሳታስቢው እስኪመታው ድረስ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቤት ከመታወቂያሽና ከሰነዶችሽ ጋር አስቀምጪው፣ ከስልኩ ኬዝ ጀርባ ግን አይሁን፣ እሱንም አይቼዋለሁ። የጉግል አካውንትሽን ፓስወርድም እዚያው ወረቀት ላይ ጨምሪው። ሳምንቱ ሲያልቅ አሻራዎቹን አስገቢ።