አክሲዮኑ ከመገዛቱ በፊት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በመድን ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ቁጭ እላለሁ። ሥራዬን የሚያውቁ ወጣቶች ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ፣ አክሲዮን ይሻለኛል ወይስ ባጃጅ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ነገ እግርህ ቢሰበር አምስት ወር ምን ትበላለህ?»

ይህን የምጠይቀው የጎረቤቴን ልጅ ስላየሁ ነው። በግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። በእጁ የሚደርሰው ደመወዝ 12,000 ብር ነበር። ዳንግላ ላሉት እናቱ የሚልከውን ጨምሮ በወር 10,000 ያወጣል። እንዲህ እየቆጠበ 80,000 ብር አድርሷል። አንድ እሁድ ሞተር ሳይክል እየነዳ ወደ ጢስ ዓባይ ሲሄድ ወደቀና የጭን አጥንቱ ተሰበረ። አምስት ወር ከሥራ ቀረ።

አደጋው በሥራ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ይደግፈው ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ደግሞ ከ75 በመቶ የማያንስ ያገኛል። የእሁድ አደጋ ግን እንደ ተራ ሕመም ነው የሚቆጠረው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ይከፈላሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

አብረን ወረቀት ላይ አሰላነው። 12,000፣ ከዚያ 6,000 እና 6,000፣ ከዚያ ባዶ። በአምስት ወር ያገኘው 24,000 ብር ነው፤ ያስፈለገው 50,000። የጎደለው 26,000 ከቁጠባው ወጣ። ለሕክምናና ለመመላለሻ 40,000 ጨመረበት። ከ80,000ው የቀረው 14,000 ብር ነው።

በጣም ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የቡድን የአደጋ መድን ገዝቶ ነበር። ልጁም «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ተማምኗል። ውሉን ሳየው የሚሸፍነው በሥራ ሰዓት የሚደርሰውን አደጋ ብቻ ነው። ስለዚህ እናንተም ነገ ቢሮ ስትገቡ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ፦ «መድናችን 24 ሰዓት ነው ወይስ የሥራ ሰዓት ብቻ?»

የሥራ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ በራሳችሁ የግል አደጋ መድን ግቡ። ይህ ውል ሞትንና ዘላቂ የአካል ጉዳትን ይሸፍናል። ከፊል ጉዳት ከሆነ ውሉ ላይ ባለው ሰንጠረዥ መሠረት ከመድኑ ገንዘብ በመቶኛ ይከፈላል። ወጣቶች የሚዘሉት ግን ሳምንታዊ ክፍያውን ነው። ለጊዜው መሥራት ሲያቅታችሁ በየሳምንቱ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ለዚያ ልጅ በሳምንት 2,000 ብር ገብቶለት ቢሆን፣ ቁጠባው የሚነካው ለሕክምናው ብቻ በሆነ ነበር። ለመድኑ የምትከፍሉትን አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ ሳምንታዊ ክፍያውን ከውሉ እንዳታስወጡት።

ከመፈረማችሁ በፊት «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ አንብቡ። ብዙ ውሎች ሞተር ሳይክል መንዳትን እዚያ ያስቀምጡታል፣ ወይም ተጨማሪ አረቦን ይጠይቁበታል። ባጃጅ ልትገዙ የምታስቡም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሌላ ሰው ነው፤ ሹፌሩን ራሱን አይደለም።

የአደጋ መድን ለበሽታ አይከፍልም። ለዚህ የጤና መድን ያስፈልጋል። የወር ደመወዝ የሌላችሁ፣ በንግድ ወይም በዓሣ ማስገር የምትተዳደሩ ከሆነ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሁኑ። ዓመታዊ መዋጮው ለቤተሰብ ነው። ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ በሪፈር ካልሄዳችሁ መድኑ ሙሉ ወጪውን አይችልላችሁም። ዕድሳቱም ጊዜ አለውና እንዳያልፋችሁ።

የሕይወት መድን ሦስተኛ ነው፤ ያውም በእናንተ የሚኖር ሰው ካለ። ያ ልጅ እናቱን ስለሚጦር ያስፈልገዋል። ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚሸፍነውን ጠይቁ፤ አረቦኑ ቀለል ይላል። ዘላቂ የአካል ጉዳትን የሚጨምር አባሪ ካለውም አብራችሁ ውሰዱ፤ በበሽታ የሚመጣውንም ይሸፍን እንደሆነ አረጋግጡ። ቁጠባ የተቀላቀለበትን ግን እንደ ኢንቨስትመንት አትዩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካቋረጣችሁ የከፈላችሁት ሁሉ አይመለስም።

ልጁ ባለፈው ወር ክራንቹን ትቶ በእግሩ መጣ። የግል አደጋ መድን ውል ይዞ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ሞተር ሳይክል» የሚለውን ቃል በእስክሪብቶ ከቦታል፤ ከአጠገቡ የተጨማሪ አረቦኑን ልክ ጽፏል። እስካሁን አልፈረመም። «ጋሼ፣ ይቺን ካስረዱኝ በኋላ ነው» አለኝ።