ስም ያልተጻፈበት የክኒን ከረጢት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣች። "ጋሼ፣ ቪዛዬ ወጥቷል፣ ሪያድ ነው የምሄደው። ምን ምን መድኃኒት ልያዝ?" አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ነው። እኔ ግን ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ከ30 ዓመት በላይ መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ፤ ይህንኑ ጥያቄ በ2003 ዓ.ም. አንዲት እናት ጠይቃኝ ነበር። ያኔ የሰጠኋት መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሴትየዋ የሐይቅ ሰው ናት። ልጇ አስም አለባት፤ ከትንሽነቷ ጀምሮ መድኃኒቷን ከእኔ ነበር የሚወስዱት። የሳዑዲ ጉዞዋ ሲቃረብ እናቷ መጣችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ "በሞትኩት፣ ሕመሟ እንዳይታወቅባት። ደላላው ከሰማ ያስቀራታል" አለችኝ። በአፍ የሚሳበውን ፓፍ ልስጣት ብል እሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል አለች። ክኒኑን ስጠኝ፣ ስሙንም አትጻፍበት አለች። እኔም እሺ አልኳት። ከትልቁ ቆርቆሮ 60 ሳልቡታሞል ቆጥሬ በትንሽ ላስቲክ ከረጢት አደረግሁ። በከረጢቱ ላይ ስምም፣ መጠንም፣ የእኔን ማኅተምም አላሳረፍኩም። ሥራዬ መጻፍ ነበር። አልጻፍኩም።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ማታ ወዳጃ ተቀመጡላት። እኔም ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቡናው ተፈላ፣ ጫቱ ቀረበ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉላት፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ሻንጣዋ በር ላይ ተከፍቶ ነበር። እናቷ ፌጦና የደረቀ ዳማከሴ በጨርቅ ቋጥራ ከተተች። አክስቷ ክታብ ከልብሱ ሥር ሸጎጠችላት። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ቡናዬን እጠጣ ነበር።

የሆነውን የሰማሁት ተመልሳ መጥታ ራሷ ስትነግረኝ ነው። በደረሰች በሁለተኛው ቀን የቤቱ እመቤት ሻንጣዋን አገላብጣ አየችው። መጀመሪያ ያገኘችው ክታቡን ነው። ቀጥሎ የተቋጠረውን ቅጠል፣ ከዚያ ስም የሌላቸውን ክኒኖች አወጣች። ድግምት ይዛብን መጣች ብላ ጮኸች። ሳዑዲ ውስጥ ይህ ቃል ቀልድ አይደለም፤ ጥንቆላ በሞት እስከማስቀጣት የሚደርስ ወንጀል ነው። ደግነቱ ነገሩ ፖሊስ ጋ አልደረሰም። ግን ሁሉም ቆሻሻ መጣያ ገባ፣ ክኒኑም አብሮ።

በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ስታጸዳ በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ ጋር ቀላቀለችው። ማንም አትቀላቅዪ አላላትም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጤነኛውን ሰው እንኳ ያፍናል። የእሷ ደረት እዚያው ተዘጋ። ሆስፒታል ሲያደርሷት ነርሷ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ጠየቀቻት። አረብኛ አታውቅም። የመድኃኒቱንም ስም አታውቅም፤ እኔ አልነገርኳትማ! በእጇ ትንሽ ክብ ሠርታ አሳየቻቸው። "ክኒን ነው የማውቀው ጋሼ" አለችኝ በኋላ። በኦክስጅን ተረፈች። ሕመሟን ደብቃለች ተብሎ ግን ተመለሰች። አባቷ ለደላላ ብሎ የሸጠው በሬ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ የኮምቦልቻዋ ልጅና እንደሷ ልትሄዱ የተነሳችሁ፣ ስለ መድኃኒት የምላችሁ ከዚህ የመጣ ነው። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በፋብሪካው ካርቶንና ማሸጊያ ይሁን። ተቆርጦ የተሰጠ፣ በላስቲክ የተቋጠረ አትቀበሉ። ባለሙያው ቢቆጣም "ከነካርቶኑ ስጠኝ" በሉት። ከሐኪም የእንግሊዝኛ ወረቀት ያዙ፤ ሕመሙ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ በቀን ስንት እንደሚወሰድ ይጻፍበት። የስማችሁ ፊደል ልክ እንደ ፓስፖርቱ ይሁን፤ አንድ ፊደል ከተለየ የማን ነው ይሏችኋል። የሚጻፈው ዋናው የመድኃኒቱ ስም እንጂ የፋብሪካው ስም ብቻ አይሁን። እኛ ሳልቡታሞል የምንለውን እዚያ ቬንቶሊን ብለው ይሸጡታል። ለአንድ ወር የሚበቃ ያዙ፤ እስከዚያ አሠሪው ሐኪም ጋ እንዲወስዳችሁ ጠይቁ። ሕመሙን ለኤጀንሲውም ለሐኪሙም ንገሩ። አስም ያለባት ልጅ በበረኪናና በዕጣን ጭስ መሀል ነው የምትውለው፤ መቅረት ካለባት እዚሁ መቅረቱ ይሻላል።

ለወገቤ፣ ለጥርሴ ብላችሁ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ እንዳትይዙ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ያለ ፈቃድ ሲገኝ የሚጠብቃችሁ እስር ነው። ለራስ ምታት በማሸጊያው ያለ ፓራሲታሞል፣ ለተቅማጥ ጥቂት ኦአርኤስ ይበቃል። ጫት፣ እዚህ በየወዳጃው ብናየውም፣ እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። የጃኬት ኪስ ውስጥ የቀረ ቅጠል እንኳ አራግፉ። ቅጠላ ቅጠልና ክታብ እናቶች ጋ ይቅር። እናትን እንቢ ማለት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ዱዓዋን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ሰነድ ብዙ አልልም፣ ፓስፖርትና ቪዛ እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። የውል ኮፒው ግን ሁለት ይሁን። አንዱ ቤተሰብ ጋ ይቀመጥ፣ ሌላው ከእናንተ አይለይ። ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። የዘንድሮ ልጆች ስልክ አያያዝ ከእኛ ትበልጣላችሁ፣ የእናታችሁን ቁጥር ግን በቃል አታውቁትም! ስልኩ የተወሰደ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? የቤተሰብ፣ የኤጀንሲው፣ ሪያድ ያለው ኤምባሲያችንና ጅዳ ያለው ቆንስላችን ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ልብስ ውስጥ ይሰፋ።

ልብስ ላይ ሁሉም የሚረሳው ሹራብ ነው። አረብ አገር ሙቀት ነው ተብሎ ቀጭን ቀጭኑን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ቤቱ ውስጥ ኤሲው ቀንና ሌሊት ይነፍሳል፣ የሪያድ የክረምት ሌሊትም ያንዘፈዝፋል። ሰፊ የጥጥ ቀሚስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የሦስት ወር ሞዴስ ያዙ። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪወጣ ለእሱ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍራል።

ዱቄት ነገር አትያዙ ልል ነበር። ግን እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ለትምህርት ስሄድ እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያውን ወር አልችለውም ነበር። ስለዚህ በሶና በርበሬ ያዙ። ታሽጎ የሚሸጠው፣ በእንግሊዝኛ ወይም በአረብኛ የተጻፈበት ይሁን፤ እመቤቷ ሻንጣውን ስትከፍት የምታነበው ነገር ይኑራት።

የኮምቦልቻዋ ልጅ የጨጓራ መድኃኒት ትወስዳለች። ኦሜፕራዞሉን ከነካርቶኑ ሰጠኋት። የሐኪሟን ወረቀት ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየሁት፤ የአያቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ ነበር። አስተካክለሽ ነይ ብዬ መለስኳት። ሐሙስ ትመጣለች፣ ሻንጣዋንም ይዘሽ ነይ ብያታለሁ።