ከረጅም ዝምታ በኋላ «አለህ?» ሲመጣ

ጥያቄ፦ ስምንት ወር ያላወራን ጓደኛዬ ቴሌግራም ላይ «አለህ?» ብቻ ብሎ ላከልኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ «አለሁ» ብቻ ካልከው «ሰላም ነው?» ይልሃል፣ አንተም «ሰላም» ትላለህ፣ ጉዳዩ ሳይነሳ ይመሻል። ሰላምታውን፣ ጊዜህንና ጥያቄህን በአንድ መልእክት ጠቅልለው፦

«አለሁ፣ እንዴት ከረምክ? እስከ 12 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ጉዳይ ካለህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ስወጣ አየዋለሁ።»

ሰዓቱን የምትጠቅሰው «አለሁ» ያልከው «አሁን ነፃ ነኝ» እንዳይመስል ነው። ስለ ዝምታው ይቅርታ አትደርድር፤ እሱም ስምንት ወር ዝም ብሏል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ልብ በል። ወዲያው ገንዘብ ከጠየቀህ ወይም «በስህተት ወዳንተ የተላከ ኮድ አለ፣ ስጠኝ» ካለህ፣ አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ኮዱ ያንተው አካውንት መግቢያ ነው፤ ከሰጠኸው ቀጣዩ «አለህ?» ባንተ ስም ለሌሎች ይላካል። «እውነት አንተ ነህ?» ብለህ በቻት መጠየቅ አይረዳም፣ የድሮ ወሬያችሁን ሌባውም ማንበብ ይችላልና። በመደበኛው ስልክ ቁጥሩ ደውለህ ድምፁን ስማ።