እሳት ተነስቶ ስንደውል ምን እንበል?

«ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ቤት እሳት ተነስቶ የደወልኩት እኔ ነበርኩ። ስልኩ ሲነሳ ግን አፌ ተሳሰረ። መጀመሪያ የሚነገረው ምንድን ነው? እስኪመጡስ ምን ይደረጋል?»

አድራሻ፣ እህቴ። ከሁሉም በፊት አድራሻ።

ለስድስት ዓመት የእሳት አደጋ ጥሪ ተቀባይ ነበርኩ። አብዛኛው ሰው «ኧረ ድረሱልን! ተቃጠልን!» ብሎ ነው የሚጀምረው። አይፈረድበትም። ግን ስልክ ይቋረጣል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ደዋዩም ጭሱ ሲያንቀው ጥሎ ይሮጣል። አድራሻው ከተነገረኝ ስልኩ ቢቋረጥም መኪናው ይሄዳል። ሌላውን ሁሉ ነግራችሁኝ አድራሻው ከቀረ ግን የት ልላከው?

አንድ ሌሊት አንድ ሰው ደወለ። ረጋ ያለ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ተቀጣጥሎ ቁም ሳጥኑን እንደያዘ፣ አራተኛ ፎቅ እንደሆኑ፣ ጋዝ ሲሊንደር እንዳለ አንድ በአንድ ነገረኝ። «የት ነው?» ስል መስመሩ ጭጭ አለ። መልሼ ብደውል አይነሳም። ያዳናቸው ከፊት ለፊት ሕንፃ የደወለች ሴት ናት። «እኔ ጭሱን ብቻ ነው የማየው፣ ሕንፃው ግን ይሄ ነው» አለችኝ። ሰውየው በኋላ እንደተናገረው፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያሳየን መስሎት ነበር። ስልክ የሚያሳየው ቢኖር እንኳ ግምት ነው። የትኛው ፎቅ፣ የትኛው በር እንደሆነ አይናገርም። የመንገዱን ስም ካላወቃችሁ ሹፌር የማይስተው ትልቅ ነገር ጥሩና ከዚያ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ንገሩ።

ቀጥሎ ያለው በሁለት ትንፋሽ ያልቃል። «ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነው፣ የሚነደው ሦስተኛ ፎቅ ወጥ ቤቱ ነው። አንዲት እናት አልወጡም፣ በጓሮ በኩል ያለው መኝታ ቤት ናቸው። ጋዝ ሲሊንደር አለ።» ፎቁ ሲታወቅ መሰላል ያለው መኪና ይጨመራል። «ሰው አለ» ብቻ ከተባለ ክፍሉን ሁሉ ማሰስ ነው። «በጓሮ በኩል» ከተባለ ግን በቀጥታ ወደዚያ ይኬዳል።

ብዙ ሰው የሚናደደው በጥያቄያችን ነው። «ወሬውን ትተህ መኪናውን ላክ!» ስንቴ ተባልኩ መሰላችሁ። እኔ እየጠየቅኩ አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ መኪናውን አስነስቶታል። ጥያቄው የሚጠቅመው መንገድ ላይ ላሉት ነው። ስለዚህ «ዝጉ» እስክትባሉ አትዝጉ። ከዘጋችሁም በኋላ በዚያ ስልክ ዘመድ አዝማድ አትጥሩበት፣ መልሰን እንደውል ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምታወሩት ደግሞ ውጭ ቆማችሁ ነው። ስትወጡ የሚነደውን ክፍል በር ዝጉ፣ አትቆልፉት። ሰው ጭሱ ይውጣ ብሎ በርና መስኮት ይከፍታል። እሳቱ የሚፈልገው ግን እሱን አየር ነው። የተዘጋ ተራ የእንጨት በር እንኳ ጭሱን ከደረጃው ላይ ለደቂቃዎች ያግደዋል፣ ከላይ ያሉት የሚወርዱበት ጊዜ ማለት ነው። ሊፍት አይነካም። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም፣ ነበልባሉ ጣሪያ ድረስ ይዘላል። ገና ድስቱ ውስጥ ብቻ ከሆነና እጃችሁ የሚደርስ ከሆነ ጋዙን ዝጉና ክዳን ግጠሙበት። ካለፈ ተዉት።

መውጫው በጭስ ከተሞላ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። መስኮት ያለው ክፍል ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በረጠበ ጨርቅ ድፈኑ። መልሳችሁ ደውሉና በየትኛው በኩል እንዳላችሁ ንገሩ። መስኮቱ ላይ ነጣ ያለ ጨርቅ አውለብልቡ። ከታች የሚወጣ ጭስ በመስኮቱ ከገባ ዝጉት።

ውጭ ከሆናችሁ ግን አንድ ሰው ወደ መታጠፊያው ላኩ። መኪናው እዚያው ሰፈር ገብቶ በሩን ሲፈልግ የሚያጠፋው ጊዜ ያናድዳል። የግቢው በር ይከፈት፣ መንገድ የዘጉ መኪኖች ይነሱ። የቀሩት አንድ ቦታ ቆመው ይቆጠሩ።

ቆጠራው ላይ አደራ። አንዴ «ልጅ ውስጥ ቀርቷል» ተባለና ሁለት ባልደረቦቻችን ጭስ ውስጥ ገቡ። ልጁ ጎረቤት ቤት ተኝቶ ነበር። እናትየው አግኝታው እያለቀሰች አቅፋዋለች፣ ለእኛ ግን ማንም ትዝ ብሎት አልነገረንም። ሁለቱ አየራቸው እስኪያልቅ ድረስ አልጋ ሥር ሲፈልጉት ቆዩ። የጠፋ ሰው ከተገኘ ወዲያው ሮጣችሁ ለአዛዡ ንገሩ፣ መኪናው ገና ካልደረሰም መልሳችሁ ደውሉ።