ቀኑ ነው ጉድ የሠራኝ፦ ለአየር መንገድ የጻፍኩት የገንዘብ ይመለስልኝ ደብዳቤ

«ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት። አባቴ አርፎብኝ ወደ ዱባይ የነበረኝን በረራ ተውኩት። ቲኬቱ ገንዘብ አይመለስም የሚል ነው። ለአየር መንገዱ ምን ብዬ ልጻፍ? የደረሰበት ካለ ይንገረኝ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ የአባትሽን ነፍስ ይማር።

እኔን የደረሰብኝ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። እናቴ ኅዳር 10 ሞላሌ ከተማ ውስጥ አረፈች፣ በማግስቱ ተቀበረች፣ በረራዬ ደግሞ ኅዳር 14 ነበር። እንኳን ቲኬቱ፣ ስልኬም የት እንደወደቀ አላውቅም። በሰልስቱ ማታ የአጎቴ ልጅ «አውሮፕላኑ ሳይነሳ አሰርዘው፤ ዝም ብለህ ከቀረህ ገንዘቡን እርሳው» ብሎ ሲቆጣኝ ነው ቲኬቱን የቆረጠልኝ ወኪል ጋ የደወልኩት። እውነቱን ነበር። አስቀድሞ የሰረዘና ዝም ብሎ የቀረ ሰው በቲኬቱ ደንብ አንድ አይደሉም። አንቺም ከበረራው በፊት ሰርዘሽ ከሆነ የሰረዝሽበትን ቀን የሚያሳይ መልእክት አታጥፊ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ሙሉ ለቅሶ ነበር። እናቴ እንዴት እንዳሳደገችን፣ ስንት ጊዜ እንደታመመች፣ ምኑ ቅጡ። የቲኬት ቁጥሬን ግን አልጻፍኩም። መልሱ ሁለት መስመር፦ ቲኬቱ ገንዘብ አይመለስበትም።

ለሁለተኛው ማስረጃ ሰበሰብኩ። የቤተ ክርስቲያንና የእድር ወረቀት ብቻውን ውጭ ላለ ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። የሚጠቅመው ሟች ይኖሩበት ከነበረው ቀበሌ፣ ወሳኝ ኩነት የሚሰጠው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሞቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ተዝካሩ እስኪያልፍ አትጠብቂ። እኔ አውጥቼ ማስተርጎሚያ ቤት አስተረጎምኩና ላክሁ። አሁንም እምቢ አሉኝ፤ ምክንያታቸው ደግሞ አስቂኝም አስለቃሽም ነበር፦ «ሟቿ ያረፉት ቲኬቱ ከመቆረጡ ከሰባት ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው»።

ትርጉሙን አውጥቼ ሳየው ቀኑ 10/03/2017 ይላል። ተርጓሚው ወሩንና ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ገልብጦታል። እነሱ 2017ን በራሳቸው ዘመን አነበቡት፣ 03ም መጋቢት አካባቢ ሆነባቸው። ኅዳር 10 ቀን 2017 በእነሱ ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ነው። ተመልሼ ሄጄ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን፣ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ እንዲጻፍ አደረግኩ። ማኅተም ከማስመታትሽ በፊት ይህንን በጣትሽ እየነካሽ አንብቢ።

ሌላው የስም ነገር ነው። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም ነው፤ እናቴ ደግሞ በራሷ አባት ስም ነው የምትጠራው። እዚያ ላለው ሰው እኔና እሷ ባዕድ ነን። ስለዚህ የእናቴ ስም ያለበትን የልደት ምስክር ወረቀቴን አያይዤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዳሁ። ለአንቺ ይቀልሻል፤ የአባትሽ ስም ፓስፖርትሽ ላይ ሁለተኛው ስም ነው። ግን እነሱ የመጨረሻውን እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዩት አንቺም ይህን ጻፊላቸው። የልደት ወረቀት ከሌለሽ ቀበሌውን የዝምድና ማረጋገጫ ጠይቂ።

ሦስተኛው ደብዳቤዬ እንዲህ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነው የላክሁት፣ ነገሩ ግን ይኸው፦

«የቦታ ማስያዣ ኮዴ (ስድስት ፊደልና ቁጥር) ይህ ነው፤ የቲኬት ቁጥሬ (13 አሃዝ) ይህ ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 2024 ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ልበር ነበር። እናቴ ኖቬምበር 19 ስላረፈች በረራዬን ኖቬምበር 22 በወኪሌ በኩል ሰርዣለሁ። በሐዘን ምክንያት ደንቡን አንሥታችሁ የቲኬቱን ዋጋ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ያልበረርኩበትን የኤርፖርት ታክስ በገንዘብ፣ ቀሪውን ለሌላ ጉዞ በሚያገለግል ሂሳብ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። ከሟች ጋር የምንጋራው የቤተሰብ ስም የለም፤ ዝምድናችንን የልደት ወረቀቴ ያሳያል። የሞት ምስክር ወረቀትና ትርጉሙ ተያይዘዋል።»

ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለዪው። ቲኬቱ «አይመለስም» ቢልም ታክሱ ለብቻው የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አንሥቶ አይሰጥሽም። ለእኔም የሆነው ይኸው ነው። በሰባተኛው ሳምንት ታክሱ በገንዘብ መጣ፣ የቀረው ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ሂሳብ ሆነ። ገንዘቡ የመጣው በከፈልኩበት መንገድ፣ በወኪሉ በኩል ነው። ወኪሉ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ አልመለሰም፤ ተከራክሬ ነበር፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ስላገኘሁት ዝም አልኩ። አንቺም ከወኪል ከገዛሽ ደብዳቤውን ለሁለቱም ላኪ፤ አየር መንገዱ «ወኪልሽን ጠይቂ»፣ ወኪሉ «አየር መንገዱን ጠይቂ» እያሉ እንዳያመላልሱሽ።

የሞት ወረቀቱ ተተርጉሞ ሲደርስሽ ስምሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፤ ቀኑን አይልሻለሁ።